ሰባት ፊደላትና አንድ አውራ ጣት

አዲስ የተወለደው ሕፃን በአፉና በአፍንጫው አረፋ ይደፍቃል። ይጠረግለታል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይሞላል። እናቱ ጡት ስታጎርሰው ትን ይለዋል፣ ያስለዋል፣ ከንፈሩ ይበልዛል። ምልክቱን የምታውቅ አዋላጅ ጡቱን ወዲያው ታስቆምና ለስለስ ያለ የፕላስቲክ ቱቦ በአፉ በኩል ወደ ሆዱ ለማውረድ ትሞክራለች። ቱቦው ከድዱ 10 ወይም 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ከገባ በኋላ አልሄድ ይላል። ኤክስሬይ ሲነሳ ጫፉ የደረቱ የላይኛው ክፍል ላይ ተጠቅልሎ ይታያል። የሕፃኑ የምግብ ቧንቧ መሃል ላይ ተቋርጧል፤ የላይኛው ክፍል መውጫ አጥቶ ተዘግቷል ማለት ነው። ሆዱ ውስጥ አየር ከታየ ደግሞ የታችኛው ክፍል ከአየር ቧንቧው ጋር ተገናኝቷል። ሕፃኑ በተነፈሰ ቁጥር አየር ወደ ሆዱ ይገባል፣ የሆዱም አሲድ ወደ ሳንባው ይመለሳል።

ይህ እክል ከ2,500 እስከ 4,500 ከሚሆኑ ሕፃናት በአንዱ ላይ ይታያል። ሕክምናው ቀዶ ጥገና ነው። ይሁን እንጂ ሐኪሞቹ ሕፃኑን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ከማስገባታቸው በፊት ሌላ አስቸኳይ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። የምግብ ቧንቧቸው ተቋርጦ ከሚወለዱት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሌላም እክል ይኖራቸዋል። ልባቸው ውስጥ ቀዳዳ፣ አንድ ብቻ ኩላሊት፣ ቅርጹን የሳተ የአከርካሪ አጥንት ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛው ደግሞ ከውጭ አይታይም። ታዲያ ሌሊት ተረኛ የሆነ ወጣት ሐኪም ምን ምን መፈተሽ እንዳለበት በምን ያስታውሳል? በአንድ ቃል ነው፤ ቫክተርል በሚባል።

ቫክተርል ከእንግሊዝኛ የአካል ክፍሎች ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት የተገጣጠመ ነው። የሕክምና ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ቃል ኒሞኒክ ይሉታል፤ የማስታወሻ ቃል እንበለው። የጽንስ እድገትና ከልደት ጋር የሚመጡ የአካል እክሎች ትምህርት በማስታወሻ ቃላት የተሞላ ነው፤ አለምክንያትም አይደለም። ከተፀነሰበት ቀን አንሥቶ በስምንት ሳምንት ውስጥ የሰው ልጅ ዋና ዋና አካላት በሙሉ መልክ ይይዛሉ። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይካሄዳል፣ ስሞቹ ረጃጅም ናቸው፣ ፈተናው ደግሞ ቅርብ ነው። ተማሪው ፊደል ገጣጥሞ ቃል ቢሠራ አይፈረድበትም። ከነዚህ ሁሉ ቫክተርልን የመረጥኩት ጥቅሙም ጉዳቱም በአንድ ሕፃን አልጋ ላይ አብረው ስለሚታዩበት ነው።

ቃሉ በአንድ ቀን አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ1973 ሊንዳ ኳንና ዴቪድ ስሚዝ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች አንዳንድ እክሎች በአጋጣሚ ከሚጠበቀው በላይ በአንድ ሕፃን ላይ አብረው እንደሚገኙ ጻፉ፤ ቫተር የሚል ስምም ሰጡት። ቪ ለአከርካሪ፣ ኤ ለፊንጢጣ፣ ቲ እና ኢ ተጣምረው ለአየርና ለምግብ ቧንቧ ቆሙ። አር ግን ለሁለት ነገር ቆመች፤ በአውራ ጣት በኩል ላለው የክንድ አጥንትም፣ ለኩላሊትም። ኋላ ሐኪሞች ልብም ብዙ ጊዜ እንደሚነካ ሲያዩ ሲ ተጨመረች፤ እጅና እግር በኤል ስር ተጠቃለሉ፣ አር ለኩላሊት ብቻ ቀረች። ቫተር እንዲህ ቫክተርል ሆነ። ልብ በሉ፤ ስሙ የበሽታ መንስኤ አይናገርም። እነዚህ ነገሮች አብረው ይታያሉ ከማለት አያልፍም። ለኋላው ችግር ዋናው ሥር ይህ ነው።

አሁን ወደ ሕፃኑ አልጋ እንመለስና ፊደላቱ እንዴት እንደሚሠሩ እንይ።

ኤ ፊንጢጣ ናት። አይቶ ማለፍ የሚበቃ ይመስላል፤ አይበቃም። “ሰገራ ወጥቷል” የሚል ማስታወሻ ካርዱ ላይ መጻፉ ፊንጢጣው ደህና ነው ማለት አይደለም። ትክክለኛው መውጫ ተዘግቶ ሰገራው በጠባብ የተሳሳተ መተላለፊያ ሊወጣ ይችላል፤ በሴት ልጅ ወደ ብልት ደጃፍ፣ በወንድ ልጅ ወደ ሽንት ቧንቧ። የወንድ ሕፃን ሽንት ላይ ጥቁር አረንጓዴ የሆነው የመጀመሪያው ሰገራ ከታየ ምልክቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ሐኪሙ የሕፃኑን እግሮች ከፍ አድርጎ ቀዳዳው መኖሩን፣ በቦታው መሆኑን፣ ክፍት መሆኑን በዓይኑ ያረጋግጣል።

ሲ ልብ ናት። የልብ አልትራሳውንድ፣ በተለምዶ ኢኮ የምንለው፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት ቢነሳ ይመረጣል። ምክንያቱ ቀዳዳ ለመፈለግ ብቻ አይደለም። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ እንደ ወትሮው ወደ ግራ ነው የሚታጠፈው ወይስ ወደ ቀኝ? ቀዶ ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ የሕፃኑን ደረት የሚከፍተው በቀኝ በኩል ነው፤ ቧንቧው ወደ ቀኝ ከታጠፈ ደረቱ በየት በኩል መከፈት እንዳለበት እንደገና ይታሰባል። አንዲት ፊደል የቢላውን አቅጣጫ ልትቀይር ትችላለች ማለት ነው።

አር ኩላሊት ናት። ሕፃኑ ሸንቷል ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ ሆዱም በአልትራሳውንድ ይታያል። ጀንታማይሲንን የመሰሉ ለጨቅላ ሕፃናት በብዛት የሚታዘዙ መድኃኒቶች ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። አንድ ኩላሊት ብቻ ያለው ሕፃን መሆኑ ቀድሞ ከታወቀ መጠኑም ክትትሉም በዚያ ልክ ይሆናል።

ቪ አከርካሪ ናት። ለቱቦው ሲባል የተነሳው ኤክስሬይ የደረት አከርካሪዎችንም ያሳያል፤ ዓይን ግን ቱቦው ላይ ስለሚያርፍ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋሉ ይታለፋሉ። የወገቡንና ከውስጡ ያለውን የነርቭ ገመድ በአልትራሳውንድ ማየት የሚቻለው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ በኋላ አጥንቱ ይጠነክርና ድምፁን አያሳልፍም። ይህችን ፊደል ለነገ ማለት መስኮቷን መዝጋት ነው።

ኤል እጅና እግር ናት። እሷን ለኋላ እናቆያት።

ይህ ሁሉ የማስታወሻ ቃሉ መልካም ገጽታ ነው፤ እኔ በሙሉ ልቤ የምደግፈውም ይህን አጠቃቀም ነው። ቃሉ ሐኪሙን የማይታየውን እንዲፈልግ ያስገድደዋል። ደክሞት ሳለ፣ የሕፃኑ አረፋና የመተንፈስ ችግር ሐሳቡን ሁሉ ይዞት ሳለ፣ ኩላሊትንና ፊንጢጣን እንዳይረሳ ያደርገዋል። እንዲህ ሲሆን ቃሉ የሚፈተሽ ነገር ዝርዝር ነው እንጂ የበሽታ ስም አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። አውራ ጣትና ኩላሊት፣ ፊንጢጣና የምግብ ቧንቧ ምን አገናኛቸው? መልሱ ሰዓቱ ነው። አከርካሪ የሚሆኑት ጥቃቅን ክምሮች መሠራት የሚጀምሩት በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ነው። ልብ መምታት የሚጀምረው በ22ኛው ቀን ገደማ ነው። በአራተኛው ሳምንት የአየር ቧንቧ ከምግብ ቧንቧ መለየት ይጀምራል፣ የክንድ እንቡጥ ይወጣል፤ ኩላሊትን የሚያስጀምረው ቡቃያም በሳምንቱ መጨረሻ ብቅ ይላል፣ የፊንጢጣና የሽንት መውጫ መለያየትም ይከተላል። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ሕዋሳት እርስ በርስ የሚላላኩበት መልእክት ከታወከ ጉዳቱ ብዙ ቦታ ይደርሳል። አይጦች ላይ የተደረጉ ምርምሮች ይህን አሳይተዋል፤ ከእነዚህ መልእክቶች አንዱን ሲያቋርጡ ወይም ያረገዘችውን አይጥ አድሪያማይሲን የተባለ የካንሰር መድኃኒት ሲወጉ ቫክተርልን የሚመስሉ እክሎች ያሏቸው ግልገሎች ተገኝተዋል። በሰው ላይ ግን በአብዛኞቹ ሕፃናት መንስኤው አይታወቅም።

ስለ ሳምንታት ተማሪዎች የሚይዙት ሌላ ማስታወሻ አለ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ንብርብር፣ በሦስተኛው ሦስት ንብርብር፣ በአራተኛው አራት የእጅና የእግር እንቡጦች፤ አንዳንዱም አራት የልብ ክፍሎች ብሎ ይጨምራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነት ናቸው፤ የሽሉን ሥራ ቁጥሩ ራሱ ያሳያል። የእንቡጦቹም ያስኬዳል፤ የክንዶቹ ቀድመው፣ የእግሮቹ አንድ ሁለት ቀን ዘግይተው ይወጣሉ። የልቡ ግን ያሳስታል። በአራተኛው ሳምንት ልብ ገና የታጠፈ ቱቦ ነው፤ ክፍሎቹን የሚለዩት ግድግዳዎች ሥራ እስከ ሰባተኛው ሳምንት መጨረሻ አካባቢ ይቀጥላል። ማስታወሻው መጀመሩን እንጂ ማለቁን አይነግርም። “የልብ ጊዜ አልፏል” ብሎ በስድስተኛው ሳምንት አደገኛ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ማስታወሻውን አልረሳም፤ ያለ ልኩ አመነው እንጂ።

ከዚህ የባሰው ወጥመድ ግን የሳምንቱ አቆጣጠር ነው፤ ይህ ሐኪም ያልሆኑትንም ይመለከታል። የጽንስ እድገት መጽሐፍ የሚቆጥረው ከተፀነሰበት ቀን ነው። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅና የአልትራሳውንድ ወረቀቱ የሚቆጥሩት ግን የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ነው። ልዩነቱ ሁለት ሳምንት ነው። የመጽሐፉ አራተኛ ሳምንት በእናትየው ካርድ ላይ ስድስተኛ ሳምንት ይሆናል።

በእኛ አቆጣጠር እናስላው፤ ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ ይቀላል። የአንዲት ሴት የመጨረሻ የወር አበባ መስከረም 1 ቀን ጀመረ እንበል፤ ዑደቷም 28 ቀን ነው። የምትፀንሰው መስከረም 15 ቀን አካባቢ ነው። ቀጣዩ የወር አበባዋ የሚጠበቀው መስከረም 29 ነው፤ ቀረ። አንጎልና የነርቭ ገመድ የሚሆነው ቱቦ ተዘግቶ የሚያልቀው ከተፀነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው፤ ማለትም ጥቅምት 13። በዚያን ቀን የወር አበባዋ ከዘገየ ገና ሁለት ሳምንት ነው። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ማርገዛቸውን አላረጋገጡም፤ ጤና ጣቢያም አልሄዱም።

ፎሊክ አሲድን ከእርግዝና በፊት ውሰዱ የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው። የነርቭ ቱቦው ሳይዘጋ ሲቀር የጀርባ አጥንት ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ወይም የራስ ቅልና አንጎል ሳይሠራ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ጽንስ ያጋጠማቸው እናቶች ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው በቀን 4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ እክሉ ዳግም የመከሰት ዕድሉ በ72 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። እንዲህ ያለ ታሪክ ለሌላት ሴት የሚመከረው በቀን 400 ማይክሮ ግራም ነው። መጀመር ያለባት ለመፀነስ ስታስብ ነው፤ እስከ 12ኛው ሳምንት ትቀጥላለች። በአገራችን በርካታ እናቶች የመጀመሪያ የእርግዝና ክትትላቸውን የሚጀምሩት ከሦስተኛ ወር በኋላ ነው። በታኅሣሥ የተሰጠው የአይረንና ፎሌት እንክብል ለደም ማነስ ይረዳል፤ ጥቅምት 13 ላይ ሳይዘጋ የቀረውን ቱቦ ግን አይዘጋውም። ፎሊክ አሲድ ቫክተርልን እንደሚከላከልም አልተረጋገጠም፤ ሁለቱን አናደባልቅ።

ይኸው ስሌት ሌላም ጥቅም አለው። እክል ያለበት ልጅ የወለደች እናት ቀድማ የምትጠይቀው “ምን አድርጌ ነው?” ብላ ነው። ጎረቤቱም ምን በልታ፣ ምን ተናድዳ፣ የት ሄዳ ማለቱ አይቀርም። በታኅሣሥ የወሰደችው የወባ መድኃኒት ወይም የወደቀችው መውደቅ ሲያብሰለስላት ይኖራል። የምግብ ቧንቧው ከአየር ቧንቧው የተለየው ግን በጥቅምት ወር ውስጥ ነው። በታኅሣሥ የሆነ ነገር ያንን ሊያቋርጠው አይችልም። ይህን ቀን ቆጥሮ፣ ወረቀት ላይ ጽፎ ማሳየት የሚችል ሐኪም ለዚያች እናት ከእንክብል የበለጠ ይሰጣታል።

አሁን ወደ ኤል እንመለስ፤ ወደ አውራ ጣቱ።

የምግብ ቧንቧው የተቋረጠበት ሕፃን ሌሎቹ ፊደላት ሁሉ ተፈተሹለት እንበል። ልቡ ውስጥ ቀዳዳ አለ፤ ግራ ኩላሊቱ የለም፤ የቀኝ አውራ ጣቱ ትንሽና ልል ነው፣ በቆዳ ብቻ የተንጠለጠለ ይመስላል። ቫክተርል ለመባል ቢያንስ ሦስት ነገሮች መገኘት አለባቸው፤ ቲ እና ኢ አብረው እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ሕፃኑ አራት አሟልቷል። ፋይሉ ላይ ቫክተርል ተብሎ ተጻፈ። ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ወላጆቹም “እንዲሁ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ለሚቀጥለው ልጅ ብዙም አትስጉ” ተባሉ። ከልብ የተነገረ ማጽናኛ ነው፤ ለአብዛኞቹ የቫክተርል ቤተሰቦችም ትክክል ነው።

ልጁ ሰባት ዓመት ሲሆነው መድከም ጀመረ። ከእኩዮቹ ቁመቱ ያንሳል። ትንሽ ሲነካ ይበልዛል፤ ነስር አልቆም ይለዋል። የደም ምርመራው ቀይ ሕዋስም፣ ነጭ ሕዋስም፣ ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶችም ማነሳቸውን አሳየ። መቅኔው ደም መሥራት እያቆመ ነበር። በሽታው ፋንኮኒ አኒሚያ ይባላል፤ የስዊዘርላንዱ የሕፃናት ሐኪም ጊዶ ፋንኮኒ እ.ኤ.አ. በ1927 በሦስት ወንድማማቾች ላይ አይቶ የገለጸው ነው። ሕዋሳት የተበላሸ ዘረመላቸውን የሚጠግኑበት መንገድ ሲጎድል ይመጣል። አውራ ጣትን፣ ክንድን፣ ኩላሊትን፣ ልብን፣ አንዳንድ ጊዜ የምግብ ቧንቧንና ፊንጢጣንም ይነካል። በፊደል ቆጠራ ብቻ ከቫክተርል አይለይም። ይህን ታሪክ ለማስረዳት የሠራሁት ነው፤ የመሳሳቻው መንገድ ግን በሕክምናው ዓለም በደንብ የታወቀ ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። አብዛኛው ፋንኮኒ አኒሚያ ከሁለቱም ወላጆች የተወረሰ ስለሆነ ለቀጣዩ ልጅ ስጋቱ ከአራት አንድ ነው፤ “አትስጉ” የተባሉት ወላጆች ይህን የማወቅ መብት ነበራቸው። ቀድሞ ቢታወቅ የልጁ ደም በየጊዜው ይታያል፤ መቅኔው ከመድከሙ በፊት ንቅለ ተከላ ይታሰብበታል። እህቱ ወይም ወንድሙ መቅኔ ይሰጡት ከተባለ ደግሞ እነሱም በሽታው እንደሌለባቸው አስቀድሞ መመርመር አለበት፤ ደህና መስለው የሚታዩ ልጆች በሽታው ሊኖርባቸው ይችላልና። የፋንኮኒ ሕሙማን ለጨረርና ለአንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች እጅግ ስሱ ናቸው፤ ለሌላው ልጅ የሚሰጠው የንቅለ ተከላ ዝግጅት መጠን እነሱን ሊገድል ይችላል። ይህ ሁሉ የተንጠለጠለው በአውራ ጣቱ ላይ ነበር።

ምርመራው ምንድን ነው? ከልጁ ደም የተወሰዱ ነጭ ሕዋሳት ዳይኢፖክሲቡቴን ወይም ማይቶማይሲን በተባለ ኬሚካል ይታከማሉ፤ ከዚያ ክሮሞዞሞቹ ምን ያህል እንደተሰባበሩ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። የጤነኛ ሰው ሕዋስ ጉዳቱን ይጠግነዋል፤ የፋንኮኒው ይሰባበራል። በሁሉም ሆስፒታል የሚገኝ ምርመራ አይደለም። ሐኪሙ በሽታውን ካሰበው ግን ሌላው ቢቀር የደም ቆጠራን በየጊዜው ማድረግ ይቻላል፤ ያ በየትኛውም ላቦራቶሪ አለ። ምልክቶቹንም ልብ ማለት ይገባል፤ የአውራ ጣት ወይም የክንድ አጥንት ጉድለት፣ ትንሽ ጭንቅላት፣ አለማደግ፣ ቆዳ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ፣ የወላጆች የሥጋ ዝምድና።

ስህተቱ የት ላይ ተፈጠረ? በትርጉሙ መሠረት ቫክተርል የሚባለው ሦስት ነገር ከመገኘቱም በላይ የሚመሳሰል ሌላ በሽታ አለመኖሩ ሲታይ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ከመጀመሪያው እኩል ይመዝናል። ግን ፊደል የለውም። በቃሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ይታወሳል፤ ከቃሉ ውጭ የቀረው ይረሳል። ሦስት ሲሞላ ሐኪሙ “አገኘሁት” ይላል፣ ፍለጋውም ያቆማል። ቫክተርልን የሚመስለው ፋንኮኒ ብቻም አይደለም። 18ኛው ክሮሞዞም ሦስት ሆኖ የሚወለድ ሕፃን የምግብ ቧንቧው ተቋርጦ፣ ልቡ ተበሳስቶ፣ ክንዱ አጥሮ ሊመጣ ይችላል፤ የእሱ የሕይወት ዕድልና ለወላጆቹ የሚነገረው ነገር ፍጹም ሌላ ነው።

ማስታወሻ ቃል በእውቀት ሲቀደም ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ ቻርጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ሮበርታ ፔገንና ባልደረቦቿ ያወጡት ስም ነው፤ የዓይን ውስጠኛ ክፍል ስንጥቅ፣ የልብ እክል፣ የአፍንጫ የኋላ ቀዳዳ መዘጋት፣ የእድገት መዘግየት፣ የብልት አለማደግ፣ የጆሮ እክል የሚሉትን ያሰባስባል። በ2004 የአብዛኞቹ መንስኤ ሲኤችዲ7 የተባለ ጂን መሆኑ ተገኘ። ያን ጊዜ ምሥሉ ጠራ፤ የውስጠኛው ጆሮ ሚዛን ጠባቂ ቀለበቶች በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ያልዳበሩ ወይም ጭራሽ የሌሉ ሆነው ይገኛሉ። ሕመሙን ከሌላው ለመለየት ከሚረዱት ምልክቶች ቀዳሚ ናቸው፤ ልጆቹ ዘግይተው የሚራመዱበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በስሙ ውስጥ ግን ፊደል የላቸውም። እድገት መዘግየትና የብልት አለማደግ ግን ከልዩ ልዩ ሕመም ጋር የሚመጡ ሆነው ሳለ ፊደላቸውን እንደያዙ ቀሩ። የቻርጅ ልጅ የምግብ ቧንቧውም ሊቋረጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ በቫክተርል ዝርዝር ቢቆጠር የልብና የቧንቧ ፊደላት ይሞላሉ፤ ዓይኑንና ጆሮውን ግን የሚያይለት አይኖርም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። የማስታወሻ ቃል “ምን ልይ?” ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲሆን ሕይወት ያተርፋል፤ “ይህ ምንድን ነው?” ለሚለው መልስ ሲደረግ ያሳስታል። “መቼ?” ለሚለው ደግሞ የሚያገለግለው ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር አብሮ ከተያዘ ብቻ ነው።

ለተማሪዎችና ለወጣት ሐኪሞች አንድ ልማድ እለምናለሁ። ፋይል ላይ ቫክተርል ብላችሁ ስትጽፉ ከጎኑ ሁለት ነገር ጨምሩ፤ የትኞቹ ፊደላት እንደተገኙና የትኞቹ ገና እንዳልተፈተሹ፣ ከዚያም የትኞቹ ተመሳሳይ በሽታዎች እንደታሰቡ። የአውራ ጣት ወይም የክንድ እክል ካለ “ፋንኮኒ?” ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ነው የሚፈጀው።

ለወላጆችም እንዲሁ። ልጃችሁ የምግብ ቧንቧው ወይም ፊንጢጣው ተዘግቶ ከተወለደና ቀዶ ጥገና ከተደረገለት፣ ልቡ፣ ኩላሊቱና አከርካሪው መታየታቸውን ጠይቁ፤ የውጤቱን ወረቀትም አትጣሉ። አውራ ጣቱ ትንሽ ከሆነ ወይም ከሌለ፣ ደሙ በየጊዜው እንዲቆጠር ጠይቁ፤ ሌላ ልጅ ከማሰባችሁ በፊትም ለሐኪማችሁ ይህንኑ ንገሩት። ለማርገዝ የምታስቡ ሴቶች ደግሞ ፎሊክ አሲዱን የወር አበባችሁ እስኪቀር አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ጀምሩ።